ሦስት ተጫራቾች፣ ሦስት አሸናፊዎች

የጨረታ ውጤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ሰው የሚያየው አንድ መስመር ነው፤ የአሸናፊው ድርጅት ስምና ጠቅላላ ነጥቡ። «82.4» ይላል። የተሸነፈው «ተበላን» ይላል፣ መሥሪያ ቤቱ «ኮሚቴው ሠርቶታል» ይላል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። 82.4 ከየት እንደመጣ ካልኩሌተር ይዞ ቁጭ የሚል ሰው ግን ከሁለቱም ወገን ብዙ ጊዜ አይገኝም። ሐሜቱ ግን ለዓመታት ይቆያል።

ከሆለታ ጀምሮ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አልፎ እስከ አምቦ ባለው መንገድ ላይ የሚገኙ መሥሪያ ቤቶች ከሚያወጧቸው ጨረታዎች አብዛኞቹ ቀላል ናቸው። ወረቀት፣ ጎማ ወይም የቢሮ ወንበር ሲገዛ መስፈርቱን ካሟሉት መካከል ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ይወስዳል፤ ማንም ሰው ዋጋዎቹን አይቶ ሊያረጋግጠው ይችላል። ነገሩ የሚወሳሰበው የሚገዛው ዕቃ ሳይሆን ሙያ ሲሆን ነው፤ የውሃ መስመር ዲዛይን፣ የመንገድ ግንባታ ቁጥጥር፣ የከተማ ፕላን ጥናት። በእንዲህ ያለው ሥራ ርካሹ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ውድ ስለሚሆን የቴክኒክ ነጥብና የዋጋ ነጥብ በየክብደታቸው ተባዝተው ይደመራሉ። የዓለም ባንክ ገንዘብ ባለባቸው የአማካሪ ግዥዎች የተለመደው ክብደት ለቴክኒክ 80፣ ለዋጋ 20 ነው። 70 ለ 30 የሚሉ ጨረታዎችም ሞልተዋል።

ብዙ ተጫራች እዚህ ላይ ይዘናጋል። «80 ለ 20» የሚለውን ሲያነብ ጨረታውን የተረዳው ይመስለዋል። ቁጥሩ ብቻውን ግን ብዙ አይናገርም።

አንድ ምሳሌ እንይ። ምሳሌው የተፈጠረ ነው፣ ቁጥሮቹም ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው። በአዲስ ዓለም የውሃ መስመር ማስፋፊያ ዲዛይን የሚሠራ አማካሪ ለመቅጠር ጨረታ ወጣ እንበል። ማለፊያው የቴክኒክ ነጥብ 70 ሲሆን ሦስት ድርጅቶች አለፉ፦

ድርጅት ሀ፦ ቴክኒክ 88፣ ዋጋ 3,200,000 ብር
ድርጅት ለ፦ ቴክኒክ 82፣ ዋጋ 2,400,000 ብር
ድርጅት ሐ፦ ቴክኒክ 74፣ ዋጋ 1,920,000 ብር

የዋጋ ነጥብ በተለመደው ስሌት ሲሠራ ዝቅተኛው ዋጋ 100 ያገኛል፤ የሌሎቹ ነጥብ ዝቅተኛውን ዋጋ ለራሳቸው ዋጋ አካፍሎ በ100 በማባዛት ይገኛል። ስለዚህ ሐ 100፣ ለ 80፣ ሀ ደግሞ 60 ያገኛሉ። አሁን ክብደቱ ይግባ። በ80 ለ 20 ሲሰላ ሀ 70.4 እና 12፣ በድምሩ 82.4 ያገኛል፤ ለ 81.6፣ ሐ 79.2 ይሆናሉ። አሸናፊው ሀ ነው። በ75 ለ 25 ቢሰላ ሀ 81፣ ለ 81.5፣ ሐ 80.5 ይሆኑና ለ ያሸንፋል። በ70 ለ 30 ሲሆን ደግሞ ሀ 79.6፣ ለ 81.4፣ ሐ 81.8 ያገኙና ሥራው ለሐ ይሄዳል።

ሰነዶቹ ያው ናቸው፣ ገምጋሚዎቹ ያው ናቸው፣ ማንም አንድ ነጥብ አልጨመረም አልቀነሰም። በአሥር ነጥብ የክብደት ለውጥ ውስጥ ግን ሦስቱም ተራ በተራ አሸነፉ።

ስለዚህ የግምገማ ሠንጠረዥ የሚያጣራ ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው ሠንጠረዡን አይደለም፤ ተጫራቾች ገንዘብ ከፍለው የገዙትን የጨረታ ሰነድ ነው። ክብደቱ ከዚያ መነበብ አለበት። ቃለ ጉባኤው ላይ የተጻፈው ክብደት ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ ቃለ ጉባኤው ራሱ ነው የሚጣራው። ክብደቱ ሰነዱ ከተሸጠ በኋላ ተለውጦ ከሆነ ለሁሉም ተጫራቾች በጽሑፍ የተላከ ማሻሻያ፣ ያውም ኤንቨሎፕ ከመከፈቱ በፊት የወጣ፣ መኖር አለበት። ከሌለ ለውጡ አልተደረገም ማለት ነው። በነገራችን ላይ ስሕተቱ ሁልጊዜ ከተንኮል አይመጣም። ብዙ መሥሪያ ቤት ሠንጠረዡን የሚሠራው ያለፈውን ዓመት ፋይል ከፍቶ የድርጅቶቹን ስም በመቀየር ነው። ያለፈው ዓመት ጨረታ 70 ለ 30 ከነበረ ያ ቁጥር አንዱ ሕዋስ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ በሆነበት መሥሪያ ቤት በአማርኛ ጋዜጣ ላይ የወጣው ማስታወቂያና በቢሮ ያለው ሰነድ ተለያይተው የሚገኙበትም ጊዜ ሊኖር ይችላል፤ ሁለቱን አስተያይቶ ማንበብ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ክብደቱ ትክክል ሆኖ ሲገኝ ደግሞ የዋጋው ስሌት ይቀራል። እዚህ ላይ የብዙ ጨረታ ሰነዶች ጉድለት ይታያል፤ «ዋጋ 20 ነጥብ ይይዛል» ይሉና 20ው እንዴት እንደሚከፋፈል አይናገሩም። ከላይ ዝቅተኛውን ዋጋ ለራስ ዋጋ በማካፈል ተሰልቷል። ሌላ ኮሚቴ ግን «ከዝቅተኛው ዋጋ በስንት ፐርሰንት ይበልጣል?» ብሎ ያንኑ ያህል ከ100 ሊቀንስ ይችላል። ይህም ለጆሮ ፍትሐዊ ነው። በዚህ ሲሠራ ለ ከሐ በ25 ፐርሰንት ስለሚበልጥ 75 ያገኛል። ሀ በ66.7 ፐርሰንት ስለሚበልጥ 33.3 ብቻ ይደርሰዋል። ክብደቱ 80 ለ 20 እንደሆነ ሳይነካ ሀ ወደ 77.07 ይወርዳል፣ ለ 80.6 ይሆናል፣ ሐ 79.2 ላይ ይቆያል። አሸናፊው ለ ሆነ።

ሁለቱም ስሌቶች በየራሳቸው ሊከራከሩላቸው ይችላሉ። የማይቻለው ዋጋው ከተከፈተ በኋላ መምረጥ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ሰዓት ስሌት መምረጥና አሸናፊ መምረጥ አንድ ሥራ ይሆናሉ። የስሌቱ ቀመር በጨረታ ሰነዱ ውስጥ በቁጥር ምሳሌ ካልታተመ ኮሚቴው ቅን ቢሆንም እንኳ ቅንነቱን የሚያሳይበት ነገር የለውም።

ቀመሩ ሥራውን ተከትሎ የሚገለበጥበትም ጊዜ አለ። በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የቴሌኮም ፈቃድ ሲያጫርት መንግሥት ሻጭ ስለነበር ብልጫ የሚያገኘው ከፍተኛውን ገንዘብ የሰጠው ነበር። በሳፋሪኮም የተመራው ጥምረት 850 ሚሊዮን ዶላር፣ ኤምቲኤን 600 ሚሊዮን ዶላር አቀረቡ፤ በግንቦት ወር ፈቃዱ ለመጀመሪያው ተሰጠ፣ ሁለተኛው ዋጋ ተቀባይነት ሳያገኝ ቀረ። በተመጣጣኝ ስሌት ቢሠራ እዚያ የሚካፈለው የራስ ዋጋ ለከፍተኛው ዋጋ ነው፤ 600 ለ850 ሲካፈል ወደ 70.6 ነጥብ ይመጣል። አሮጌ ዕቃ በጨረታ የሚሸጥ መሥሪያ ቤት የግዥ ሠንጠረዡን ሳይገለብጥ ቢጠቀምበት ትንሽ ለሰጠው ከፍተኛውን ነጥብ ይሸልማል።

እስካሁን ያለው ሒሳብ ነው፤ ሒሳብ ደግሞ ወይ ልክ ነው ወይ ስሕተት ነው። ከባዱ ቦታ 88፣ 82 እና 74 የሚሉት ቁጥሮች የተወለዱበት ነው። የቴክኒክ ነጥብ የሚሰጠው ሰው ነው። ብዙውን ጊዜ አምስት ገምጋሚዎች ለየብቻ ነጥብ ሰጥተው አማካዩ ይወሰዳል፤ ሰሌዳ ላይ የሚወጣው ግን አማካዩ ብቻ ነው።

በዚያው ምሳሌ ለሀ እና ለለ የተሰጠው የየገምጋሚው ነጥብ እንዲህ ነበር እንበል። አንደኛው ለሀ 90 ለለ 82፣ ሁለተኛው 86 እና 83፣ ሦስተኛው 84 እና 81፣ አራተኛው 85 እና 84፣ አምስተኛው 95 እና 80። ሲደመርና ለአምስት ሲካፈል ሀ 88፣ ለ 82 ይወጣል፤ ሒሳቡ አንዲት ስንጥቅ የለውም። አምስቱም ሀ እንደሚሻል ተስማምተዋል። የሚለያዩት «በስንት?» በሚለው ላይ ነው። ጥያቄው ደግሞ እሱ ነው።

ሀ ዋጋው ውድ ስለሆነ ከለ ጋር ሲነጻጸር በዋጋ 4 ነጥብ ያጣል፤ 12 ከ16። ያንን ለማካካስ በቴክኒክ ስንት መብለጥ አለበት? እያንዳንዱ የቴክኒክ ነጥብ በ0.8 ስለሚባዛ 4 ለ0.8 ሲካፈል 5 ይመጣል። ከ5 ነጥብ በላይ ከበለጠ ሀ ያሸንፋል፣ ካነሰ ለ። አሁን ገምጋሚዎቹ ይታዩ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ የሰጡት ልዩነት 8፣ 3፣ 3 እና 1 ነው፤ አማካዩ 3.75። በአራቱ ብቻ ቢሆን ለ ያሸንፍ ነበር። አምስተኛው ሰው 15 ነጥብ አራርቆ አማካዩን ወደ 6 አሳደገውና ሥራው ለሀ ሄደ። አምስት ሰው ፈረመ፣ የወሰነው ግን አንድ ሰው ነው።

ይህ ማለት አምስተኛው ገምጋሚ ሌባ ነው ማለት አይደለም። ምናልባት ከአምስቱ የውሃ ምሕንድስና የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ከፋይናንስና ከአስተዳደር መጥተው ሁሉንም ሰማንያ ምናምን እየሰጡ አልፈው ይሆናል። እንዲያውም ሰፋ አድርጎ ነጥብ የሚሰጥ ሰው ሰነዱን በትክክል ያነበበ የመሆን ዕድሉ ትልቅ ነው። ችግሩ በሠንጠረዡ ላይ አዋቂውና ባለ ጉዳዩ አንድ ዓይነት መልክ መያዛቸው ነው። ሁለቱን የሚለየው ከነጥቡ ጎን የተጻፈው ምክንያት ነው። «የቡድን መሪው ተመሳሳይ መስመር ሦስት ጊዜ ዲዛይን አድርጓል፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤው በሰነዱ ውስጥ አለ፤ የለ ቡድን መሪ ግን የሕንፃ ባለሙያ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ካለ 15 ነጥብ መራራቁ ይገባል። «አጥጋቢ ነው» ብቻ ከሆነ አይገባም። ስለዚህ ከሌሎቹ ርቆ የሄደ ነጥብ ሲገኝ መፍትሔው ነጥቡን መሰረዝ አይደለም፤ ያ ሌላ ጥፋት ነው። መፍትሔው ገምጋሚው ምክንያቱን ከሰነዱ ገጽ ጋር አያይዞ እንዲጽፍ ማድረግ ነው፤ ይህም ዋጋው ሳይከፈት በፊት መሆን አለበት።

ይህ «በፊት» የሚለው ቃል የዚህ ሁሉ አሠራር ምሰሶ ነው። ሁለት ኤንቨሎፕ የተፈለገው ለዚህ ነው፤ ዋጋው እንደታሸገ ተቀምጦ ቴክኒኩ ተገምግሞ፣ ተፈርሞ፣ ውጤቱ ለተጫራቾች ከተነገረ በኋላ ዋጋው በይፋ ይከፈታል። ዋጋውን ያየ ገምጋሚ ስንት ነጥብ እንደሚያስፈልግ በልቡ ያውቃል፤ ከላይ እንደታየው ስሌቱ አንድ መስመር ነው፣ 5 ነጥብ። ስለዚህ አጣሪው ሁለት ቀኖችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ አለበት፤ የየገምጋሚው ቅጽ የተፈረመበትን ቀንና ዋጋ የተከፈተበትን ቀን። የየገምጋሚዎቹ ቅጾች ሁሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቀን፣ ዋጋ በተከፈተበት ዕለት የተፈረሙ ከሆነ ቀሪውን ስሌት መመርመር ትርፉ ድካም ነው።

አንድ የኮምፒውተር ጉዳይም አለ፤ ትንሽ ቢመስልም ሥራ ያበላሻል። በኤክሴል የዋጋ ነጥብ ሲሠራ ቀመሩ መጀመሪያው ረድፍ ላይ ይጻፍና ወደ ታች ይጎተታል። ዋጋዎቹ ከD2 እስከ D4 ከሆኑ ትክክለኛው ይህ ነው፦

```
=100*MIN($D$2:$D$4)/D2
```

የዶላር ምልክቶቹ ከተረሱ ቀመሩ ሲጎተት ክልሉም አብሮ ይወርዳል። ርካሹ ድርጅት ከላይ፣ ውዱ ከታች ተደርድረው ከሆነ ሁለተኛው ረድፍ የመጀመሪያውን ዋጋ ማየት ያቆማል፣ ሦስተኛው ሁለቱንም አያይም። ውጤቱ ሁሉም 100 ያገኛሉ። ዋጋ ከጨረታው ወጣ ማለት ነው፤ ቴክኒክ ብቻ ይወስናል። ምልክቱ ግን ግልጽ ነው፤ ዋጋቸው እኩል ካልሆነ በቀር 100 ማግኘት የሚችለው አንድ ብቻ ነው። ሁለት 100 ከታየ ፋይሉ ተበላሽቷል። ዋጋዎቹ ሁሉም ቫትን ያካተቱ ወይም ሁሉም ያላካተቱ መሆናቸውም በዚያው ቁጭታ ይታይ፤ 15 ፐርሰንት የአሸናፊውን ማንነት ለመቀየር ከበቂ በላይ ነው።

ታዲያ ይህን ማን ያጣራው? አሁን ባለው ልማድ ኮሚቴው ያሰላል፣ ኮሚቴው ይፈርማል፣ አጽዳቂው አካል ቃለ ጉባኤውን አንብቦ ያጸድቃል። አጽዳቂው የሚያነበው ግን ጽሑፉን ነው፤ ቁጥሩን እንደገና አያሰላም። መደረግ ያለበት ቀላል ነው፤ ከማጽደቁ በፊት በግምገማው ያልተሳተፈ አንድ ሰው የየገምጋሚዎቹን ጥሬ ቅጾች፣ የጨረታ ሰነዱንና የዋጋ መክፈቻ ቃለ ጉባኤውን ብቻ ተቀብሎ፣ የኮሚቴውን ፋይል ሳያይ፣ ከባዶ ወረቀት ያስላው። አንድ ዓይነት ቁጥር ከመጣ ይፈርም። ለዚህ መሐንዲስ አያስፈልግም፤ ከመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ኦዲተር ቢታጣ ከከተማው ትምህርት ቤት አንድ የሒሳብ መምህር ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ጉዳዩ ትልቅ ገንዘብ ከሆነ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሩቅ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር የሚከብደው ነው፤ የየገምጋሚው ነጥብ፣ ስም ሳይጠቀስ «ገምጋሚ 1፣ ገምጋሚ 2» ተብሎ፣ ለተጫራቾች ሁሉ ይሰጥ። የኮሚቴ አባላት ይህን የማይወዱበት ምክንያት አላቸው፤ እውነትም አለበት። አዲስ ዓለምን በመሰለች ከተማ ገምጋሚውና ተጫራቹ አንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፣ አንድ ዕድር ይኖራቸዋል። ኮሚቴ መሆን ደግሞ ከመደበኛ ሥራ በላይ የሚጫን ሸክም ነው። «ነጥቤ ከወጣ ነገ ማን ይገመግማል?» የሚለው ጥያቄ ተራ ሰበብ ተብሎ የሚጣል አይደለም። ግን ነጥቡ ተደብቆም ሰው ከመጠርጠር አልቦዘነም፤ አሁን የሚጠረጠሩት አምስቱም ናቸው፣ ምክንያቱን ጽፎ በሐቅ የሠራውም ጭምር። ቁጥሩና ምክንያቱ አብረው ከወጡ ቢያንስ እሱ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል።

ተሸናፊውም እንዴት እንደሚጠይቅ ማወቅ አለበት። በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው የ2001 ዓ.ም. የግዥ አዋጅ ቁጥር 649 ቅሬታ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ እንዲቀርብ ያዝ ነበር፤ ክልሎችም የየራሳቸው ሕግ አላቸውና ቀኑን ከጨረታ ሰነዱ ማየት ይሻላል። ጊዜው አጭር ስለሆነ «አድልዎ ተፈጽሞብናል» በሚል ሁለት ገጽ ማባከን ጥቅም የለውም። ኃላፊው «ኮሚቴውን ጠይቄ አልተፈጸመም ብሎኛል» ብሎ ይመልሰዋል። አራት ነገሮችን በስማቸው የሚጠይቅ ደብዳቤ ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም፦ ስሌቱ የተሠራበት ክብደት በሰነዱ የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ፣ የዋጋ ነጥቡ የተሠራበት ቀመር፣ የየገምጋሚው ጥሬ ነጥብ ከነምክንያቱ፣ የቴክኒክ ቅጾቹ የተፈረሙበት ቀን።

የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ወደ ኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓት እየገቡ ነው፣ ወረዳዎችም አንድ ቀን ይደርሳቸዋል። ክብደቱ አስቀድሞ ከተመዘገበ፣ ቀመሩ ማሽኑ ውስጥ ከሆነ፣ ዋጋውም ከቀኑ በፊት የማይከፈት ከሆነ ከላይ ከተነሡት ስሕተቶች አብዛኞቹ አይኖሩም። አምስተኛው ገምጋሚ ግን እዚያም ይኖራል፤ 95 እና 80 ብሎ የሚያስገባው እሱ ነው፣ ማሽኑ የሚያደርገው ለአምስት ማካፈል ብቻ ነው።